አምስት ኮከብ መስጠት ለምን ቀለለን?

ከመገናኛ ተነስቶ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የደረሰ ራይድ ሲቆም የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሂሳቡ ይከፈላል፣ ወይ በቴሌብር ይላካል። ተሳፋሪዋ አንድ እግሯን አውጥታ ዘንቢሏን ስትጎትት ሹፌሩ ዞር ይልና «እናቴ፣ አምስት ኮከቧን እንዳይረሱብኝ» ይላል። ስልኩ ላይ አምስት ባዶ ኮከቦች ተደርድረዋል። እሷም የመጨረሻዋን ትነካለች፤ አምስቱም ይበራሉ። አለቀ። እየነዳ ስልክ ማውራቱ፣ አያት አደባባይ ላይ ያለ ፍሬቻ ዘው ማለቱ፣ የኋላው ቀበቶ አለመሥራቱ ሁሉ እዚያው ቀረ።

ለምን እንዲህ እንዳደረገች ብትጠየቅ መልሷ ቅርብ ነው፦ «ኧረ ምን በወጣኝ የሰው እንጀራ ልዝጋ!»

ይህን መልስ ቀለል አድርጎ ማለፍ አይገባም። ነገሩን ከሥሩ የሚያስረዳው እሱ ነው። አምስት መስጠት ለሰጪው ምንም አያስወጣም። ሦስት መስጠት ግን ያስወጣል። ሹፌሩ አጠገብሽ ነው። ቤትሽን አይቷል። ነገም እዚሁ ሰፈር ልታገኚው ትችያለሽ። ማን ስንት እንደሰጠው አፑ ባይነግረው እንኳ እንዳያውቅብሽ ትሰጊያለሽ። በዚያ ላይ የዝቅተኛ ነጥብ ጉዳት የሚያርፈው ፊት ለፊትሽ ባለው ሰው ላይ ነው። የእውነተኛ ነጥብ ጥቅም ግን የሚሄደው ነገ ያንኑ መኪና ለሚሳፈር፣ አይተሽው ለማታውቂው ሰው ነው። ይሉኝታ ያለው ሰው ሁለቱን ሲያመዛዝን የትኛው እንደሚያሸንፍ የታወቀ ነው።

የአፑም አሠራር የራሱን ይጨምራል። ብዙ አፖች ጥያቄውን የሚያመጡት ሰው ለመውረድ በቸኮለበት ሰዓት ነው። አምስት ከነካህ ገጹ ይዘጋል። ከዚያ በታች ከነካህ «ምን አጠፋ?» የሚል ሌላ ገጽ ይከፈታል። ዝናብ እየጣለ፣ ጨለማው እየበረታ፣ የብሎኩ በር ሊዘጋ ሲል ያንን ማን ይሞላል? ስለዚህ አምስት ኮከብ ለብዙ ሰው ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ገጹን መዝጊያ ቁልፍ ሆኗል።

ደግሞ ዝም የሚሉት አሉ። በጣም የተደሰተ ሰው ይመዝናል። በጣም የተናደደም ይመዝናል። «ደህና ነበር፣ ትንሽ ግን...» የሚለው መሀለኛው ሰው ስልኩን ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። በኢንተርኔት የሚሸጡ ዕቃዎችን ነጥብ ያጠኑ ተመራማሪዎች ደጋግመው ያገኙት ሥዕል ይህንኑ ይመስላል፦ አምስት ላይ ትልቅ ክምር፣ አንድ ላይ ትንሽ ክምር፣ መሀሉ ባዶ።

ይሉኝታው የእኛ ነው ብለን ችግሩንም የእኛ ብቻ እንዳናደርገው። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2009 የራሱን ቁጥሮች አይቶ ተጠቃሚው የሚሰጠው በአብዛኛው አምስት እንደሆነ በይፋ ጻፈ። በዓመቱም ኮከቡን አንስቶ ዛሬ የምናውቃትን የአውራ ጣት ምልክት ተካ። በኤርቢኤንቢ የሚከራዩ ቤቶችን ያጠኑ ሦስት ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጽሑፍ ከመቶው 95 የሚጠጉት ቤቶች አማካይ ነጥባቸው 4.5 ወይም 5 እንደሆነ አሳይተዋል። ሁሉም ቤት ከመካከለኛ በላይ ነው ማለት ነው! ይህ በሒሳብም በኑሮም አይሆንም።

በውጭ አገር አንዱ ምክንያት የእርስ በርስ ፍርሃት ነበር። በኢቤይ ገበያ ሻጭና ገዢ ይመዛዘኑ ነበር። ገዢው ዝቅ ያለ ነጥብ ከሰጠ ሻጩ ብድሩን ይመልስበታል። ስለዚህ ሁለቱም ይሞጋገሳሉ። ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ2008 ሻጭ ለገዢ መጥፎ ነጥብ እንዳይሰጥ ከለከለ። ኤርቢኤንቢም እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለቱ ወገኖች ሳይጽፉ ወይም የመጻፊያው ጊዜ ሳያልፍ አንዱ የሌላውን እንዳያይ አደረገ። ፍርሃቱ ቀነሰ። ነጥቡ ግን ከጣሪያው ብዙም አልወረደም፤ እንዳየነው የ2015ቱ ጽሑፍ የወጣው ከዚህ ለውጥ በኋላ ነው።

ለምን አልወረደም ለሚለው የተሻለውን መልስ የሰጡት፣ በኢንተርኔት ሥራ የሚቀጣጠሩበትን አንድ ገበያ ያጠኑት ፊሊፓስ፣ ሆርተንና ጎልደን ናቸው። እዚያ ቀጣሪው ሁለት ነጥብ ይሰጣል። አንዱ ለሕዝብ የሚታይ ነው። ሌላው ሠራተኛው የማያየው፣ ለድርጅቱ ብቻ የሚሄድ ነው። የሚታየው ነጥብ ከዓመት ዓመት ወደ ላይ ወጣ። የተደበቀው ግን እንደዚያ አልወጣም፤ ሰዎች በአደባባይ አምስት እየሰጡ በጓሮ ቅሬታቸውን ይናገሩ ነበር። በኋላ ድርጅቱ የተደበቀውንም ነጥብ አጠቃሎ ማሳየት ጀመረ። ያኔ እሱም ያብጥ ጀመር። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ሥራውም ያው ነው። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ነጥቡ ሰው መጉዳት ቻለ።

እዚህ ላይ ነገሩ ራሱን እየበላ ይሄዳል። ብዙ ሰው አምስት ሲሰጥ አራት ስድብ ይሆናል። አራት ስድብ ከሆነ ጨዋ ሰው አራት አይሰጥም። ስለዚህ አምስት የሚሰጠው ይበዛል፤ አራትም ይበልጥ ስድብ ይሆናል። ዋጋው የናረ ገበያ ውስጥ የመቶ ብር ኖት እንደሚሆነው ነው፤ ቁጥሩ አልተለወጠም፣ የሚገዛው ግን ሌላ ነው።

«እንግዲያውስ እኔ እውነቱን ልስጥ፤ ጥሩ ለሆነ አራት፣ እጅግ ለበለጠ አምስት» የሚል ጥብቅ ሰው ይኖራል። እኔም እንዲህ የሚሉ መምህር ጎረቤት አሉኝ። ሐሳባቸው ክፉ አይደለም። ሒሳቡን ግን እንየው። ኡበር አሜሪካ ውስጥ አማካዩ ከ4.6 በታች የወረደ ሹፌርን ከሥራ ሊያግድ ይችል እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2015 በመገናኛ ብዙኃን የወጡ ሰነዶች አሳይተዋል። አሁን 100 ተሳፋሪዎች ያሉት ሹፌር እንውሰድ። ስልሳዎቹ ሰዎች አምስት ሰጡት፤ 300 ነጥብ። አርባዎቹ እንደ መምህሩ «ጥሩ ነው» ብለው አራት ሰጡት፤ 160 ነጥብ። ድምሩ 460፣ አማካዩ 4.6 ነው። ከመቶው ሰው አንድም ቅር ያለው የለም። ሹፌሩ ግን ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሟል። ሁሉም እንደ መምህሩ ቢሰጡትማ 4 ሆኖ ድሮ ተባሯል።

ስለዚህ ባበጠ መለኪያ ላይ ብቻውን ጥብቅ የሚሆን ሰው ሐቀኛ ሆነ ማለት አይቻልም። አንባቢው አራትን «ችግር አለበት» ብሎ ከተረጎመው መምህሩ ያላሰቡትን ነገር ተናግረዋል። የነጥብ ትርጉም ሰጪው ያሰበው ብቻ አይደለም። ተቀባዩ የሚያነበው፣ ድርጅቱም በእሱ የሚያደርገው ጭምር ነው።

አማካይ ራሱም ይደብቃል። ሁለት ሹፌሮች እናስብ፤ ሁለቱም 100 ሰው መዝኗቸዋል። የመጀመሪያውን 90 ሰው አምስት፣ 6 ሰው አራት፣ 4 ሰው አንድ ሰጥተውታል። ድምሩ 450 ሲደመር 24 ሲደመር 4፣ ማለትም 478 ነው። ሁለተኛውን 80 ሰው አምስት፣ 18 ሰው አራት፣ 2 ሰው ሦስት ሰጥተውታል። ይህም 400 ሲደመር 72 ሲደመር 6፣ ያው 478 ነው። ሁለቱም ስክሪኑ ላይ 4.78 ሆነው ይታያሉ።

ማታ ልጅህን ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቤት የምትልከው ከየትኛው ጋር ነው? እኔ ከሁለተኛው ጋር። እሱ አልፎ አልፎ የሚያዘገይ፣ ወይ መኪናው ትንሽ ያረጀበት ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ላይ ግን አራት ሰዎች ይሉኝታቸውን ጥሰው አንድ ሰጥተዋል። ሁሉም አምስት በሚሰጥበት ሰፈር አራት ጊዜ አንድ ማግኘት ከባድ ነገር ነው፤ ምን እንደጻፉ ሳላነብ አልሳፈርም። አማካዩን ሳይሆን የዝቅተኞቹን ብዛትና የጻፉትን ቃል እይ የምለው ለዚህ ነው። የመዘኑት ሰዎች ቁጥርም ይታይ። አሥር ሰው ብቻ የመዘነው አዲስ ሹፌር ዘጠኙ አምስት ሰጥተውት አንዱ ተናዳጅ አንድ ቢሰጠው 4.6 ይሆናል። 500 ሰው መዝኖት አማካዩ 4.8 የሆነ ነባር ሹፌር ግን ያው ተናዳጅ ቢያጋጥመው 4.79 ላይ ይቆያል።

ታዲያ ተሳፋሪ ምን ያድርግ? እኔ የምከተለው ይህን ነው። በአደባባይ በሚታይ፣ እንጀራ በሚያዘጋ መለኪያ ላይ አምስት ማለት «የተባለውን አደረገ» ማለት ነው። ልዩ ነገር አልጠብቅም። በሰላም፣ በትክክለኛው መንገድ፣ በተባለው ሂሳብ ካደረሰኝ አምስት ነው። በዚህ አላፍርም፤ ውሸትም አይደለም። ከአምስት የምወርደው ግን ስሙን የምጠራው ጥፋት ሲኖር ብቻ ነው። «ደስ አላለኝም» ጥፋት አይደለም። «እየነዳ ስልክ ያወራ ነበር» ጥፋት ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካልቻልኩ አልቀንስም። መጻፍ ከቻልኩ ደግሞ ቢለማመጠኝም እቀንሳለሁ፤ ዓረፍተ ነገሩንም እጽፈዋለሁ።

ሹፌሩ የማያዝበትን ነገር በእሱ ላይ አልቆጥርም። ሲኤምሲ መንገድ ላይ ያለው መጨናነቅ የእሱ አይደለም። ታሪፉን ያወጣው እሱ አይደለም። የኮንዶሚኒየም ሰው ደግሞ ይህን ያውቃል፤ ካርታው ላይ ምልክቱ ብሎክ 40 ብሎ ብሎክ 14 በር ላይ ይጥለዋል። ሹፌሩም ዞሮ ዞሮ «የት ነህ ወንድሜ?» እያለ ይደውላል። አሥር ደቂቃ ማርፈዱ ያበሳጫል፤ ግን ከካርታው ጋር ተጣላ እንጂ ከሰውዬው ጋር አትጣላ። በተቃራኒው ጨዋታ አዋቂ ሹፌርም ያታልላል። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1920 እንዳሳየው፣ የጦር መኮንኖች በአንድ ነገር የወደዱትን ሰው በሌላውም ሁሉ ከፍ አድርገው ይመዝኑት ነበር። ሳቂታው ሹፌር ስለ ልጆችህ ሲጠይቅህ ያ ያለ ፍሬቻ የገባበት አደባባይ ይረሳሃል።

አደጋ ያለበትን ነገር ደግሞ በኮከብ አልናገርም። የሰከረ፣ ያስፈራራ፣ እጁን የሰነዘረ ሹፌር ነገሩ የአንድ ኮከብ ጉዳይ አይደለም፤ ወደ ድርጅቱ ስልክ፣ ካስፈለገም ወደ ፖሊስ ነው የሚሄደው። አንድ ኮከብ ብቻ ሰጥቶ ዝም ማለት የእሱን ጉዳይ «ሂሳብ አስወደደብኝ» ካለው ሰው ጋር በአንድ አማካይ ውስጥ መቅበር ነው።

እስካሁን ያልነው መለኪያውን ሌላ ሰው ስለሠራው ነው። መለኪያውን እኛው ስንሠራ ግን ብዙ ማስተካከል ይቻላል። ዳር ዳሩን ለምንኖር ሰዎች ቅርብ የሆነውን ልውሰድ፤ የውሃ ቦቴ። ኮዬ ፈጬ ያለ አንድ ብሎክ ቧንቧው ሲጠፋ ውሃ በቦቴ ይገዛል እንበል። ኮሚቴው ሁለት ባለቦቴዎችን አወዳድሮ ከአንዱ ጋር መቀጠል ፈለገ። ለነዋሪው ወረቀት በተነ፦ «የቦቴውን አገልግሎት ከ1 እስከ 5 ይመዝኑ።» ወረቀቱን በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሊቀመንበሩ ነው። ከባለቦቴዎቹ አንዱን ያመጣውም እሱ ነው። (እንዲህ ያለ ኮሚቴ የለም የሚል እጁን ያውጣ!) ሁሉም ወረቀት አምስትና አራት ሆኖ ተመለሰ። ሁለቱ ባለቦቴዎች በነጥብ እኩል ወጡ። አንዱ ሦስት ጊዜ ቀጥሮ እንደቀረ ግን ሁሉም ሰው ያውቃል።

የወረቀቱ ጥፋት ሦስት ምን ማለት እንደሆነ አለመናገሩ ነው። ሦስት ለአንዱ «ደህና» ነው፣ ለሌላው «ወደቀ» ነው። ስለዚህ ሁሉም ጠብ ወደማያስነሳው ጫፍ ይሸሻል። መድኃኒቱ የቆየ ነው። ስሚዝና ኬንዳል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 ነርሶችን ለመመዘን እያንዳንዱን ደረጃ በዓይን በሚታይ ድርጊት መግለጽ እንደሚቻል አሳዩ። በቦቴው ላይ ሲሠራ እንዲህ ይመስላል፦

1፦ በቀጠሮው ሳይመጣ ቀረ፤ አልደወለምም።
2፦ ከቀኑ አሳልፎ መጣ፣ ወይም ሮቶዎቹ ሳይሞሉ ሄደ።
3፦ በቀኑ መጣ፣ ሞላ፤ ሰዓቱን ግን እኛ ደውለን ነው ያወቅነው።
4፦ በቀኑ መጣ፣ ሞላ፤ መቼ እንደሚደርስም ቀድሞ ራሱ ነገረን።
5፦ በ4 ላይ ያለው ሁሉ ሆኖ፣ ችግር ሲፈጠር (መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም፣ መንገዱ ሲጨቀይ) መላ ፈልጎ ሞላ።

ልብ በሉ፤ «እንደተስማማነው» የሚለው እዚህ መሀል ላይ ነው። በራይዱ አፕ ላይ ያን ያደረገ ሰው አምስት ይገባዋል ብያለሁ፤ እዚህ ሦስት ነው። አይጋጭም። እዚያ ሦስት ሰው ያስባርራል፤ እዚህ ግን ሦስት ምን እንደሆነ ተጽፏል፣ ማንንም አያሳፍርም፣ ከበላዩም የተሻለውን መለየት የሚያስችል ቦታ አለ። እማማ እንኳ «ኧረ የሰው ልጅ፣ አምስት በለው» ቢሉ ወረቀቱ ራሱ ይመልስላቸዋል፤ መብራት የጠፋ ቀን ሞልቷል ወይስ አልሞላም?

ሌላው አሰባሰቡ ነው። ወረቀቱ ስም አይጻፍበትም፤ ታጥፎ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ የሚቆጥሩት ባለቦቴዎቹን የማያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። ውሃ በመጣ በማግስቱ ይሞላ እንጂ የዓመቱ መጨረሻ ድረስ አይቆይ። ሰው ከዓመት በፊት የሆነውን አይመዝንም፤ ባለፈው ሳምንት የሆነውን ነው የሚመዝነው።

ይህም ቢሆን ለዘላለም አይሠራም። ኮሚቴው በነጥቡ ውል ማፍረስ ሲጀምር ባለቦቴው ነዋሪውን ይለማመጣል፤ ነዋሪውም ይራራል፤ ሦስቱ አራት፣ አራቱ አምስት ይሆናል። ይህ እንደመጣ የሚታወቀው በቀላሉ ነው፦ ነጥቡ ከፍ እያለ የቅሬታው ስልክ ካልቀነሰ መለኪያው አብጧል። ያኔ ኮከቡንም ቁጥሩንም ትቶ የሆነውን መጠየቅ ይሻላል። ስንት ሰዓት ተቀጠረ፣ ስንት ሰዓት ደረሰ፣ ስንት ሮቶ ሞላ? 10,000 ሊትር ተብሎ የመጣ ቦቴ 2,000 ሊትር የሚይዙ አምስት ባዶ ሮቶዎችን መሙላት አለበት። አምስተኛው ወገቡ ላይ ከቆመ 1,000 ሊትር ጎድሏል። ጥበቃው ይህን በደብተር ላይ ከነቀኑ ይጽፋል፤ ባለቦቴውም ይፈርምበታል።